ከማመልከቻ ላይ የምሰርዘው ቃል

ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ገበሬው «እንዲያው ምናልባት ቢቻል» እያለ ሲያስጽፈኝ እቆጣለሁ፤ ሰርዤ «መሬቴ ይለካልኝ» ብዬ ቁርጡን እጽፋለሁ።

እናቴ ጤና ጣቢያ የተኛች ቀን ግን ሐኪሙን፣ «እንዲያው ካላስቸገርሁዎ፣ ምናልባት ሆስፒታል ብትሄድ ይሻላት ይመስለኛል» አልሁት። «እስከ ነገ እንያት» አለኝ። አጠገባችን የነበረች ሴት «ልጄን ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ላክልኝ!» አለችው፤ የሆስፒታል መላኪያ ወረቀት ጽፎ ሰጣት። እናቴ ሳይነጋ አረፈች።

ሲነጋ የንስሐ አባቷን፣ «አባ፣ እንዲያው ካላስቸገርሁዎ፣ ፍትሐቱን ቢያደርሱላት» አልኋቸው። ወዲያው ተነሡ። ለእሳቸው እንዲያ ማለት ደንብ ነው፤ ያንን አልሰርዘውም። ለሐኪሙ ያልሁትን ነበር መሰረዝ። የሰውን ሁሉ ስሰርዝ ኖሬ የእናቴን ተውሁት።