ፈተና ነው ተብሎ የተጻፈው ኢሜይል

የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ነገሩ የደረሰው በራሷ ላይ ስለሆነ «እናትዬ፣ ይቅርብዎት» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። የተጸየፍኩትን ነገር ውጬ አልተኛም። «እንግዲያው የሰውም የድርጅትም ስም አይጥሩ» አለችኝ። እሺ፣ አልጠራም። አንቺም ከራስሽ እንዳትጨምሪ፣ እኔ ያልኩትን ጻፊ።

የምንኖረው ሰበታ ነው። ጉልበቴ እስኪይዘኝ ድረስ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የአበባ እርሻ፣ ማሸጊያው ቤት ውስጥ፣ ጽጌረዳ ስመርጥና ሳስር ኖሬያለሁ። እሷ ማኔጅመንት ተምራ፣ ተመርቃ፣ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። ጠዋት ተነስታ ማስታወቂያ ታነባለች፣ ሲቪዋን ትልካለች፣ መልስ የለም። ሰው «ልጅቷ ሥራ ያዘች?» ሲለኝ መንገድ እቀይር ጀመር። አንድ ቀን ያው የድሮ እርሻዬ ውጭ አገር ካሉት አበባ ገዢዎች ጋር የሚጻጻፍ ሠራተኛ ፈለገ። እንግሊዝኛ መጻፍና በስልክ መነጋገር የሚችል ነው የሚሉት። ፈተናው ሁለት ነው አሉ። አንደኛው በወጉ የተጻፈ የሥራ ኢሜይል። ሁለተኛው ሮል ፕሌይ የሚሉት ነው፣ አንዱ ደንበኛ አንዱ ሠራተኛ ሆኖ በስልክ እንደሚነጋገር ሰው መጫወት።

ቤት ውስጥ ተለማመድን። ደንበኛው እኔ ሆንኩ፣ በአማርኛ። በስልክ ሰው አይተያይምና ፈታኞቹ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚያስቀምጡት ብላ በርጩማዋን አዞረች። ለአያቷ ጀርባዋን ሰጥታ ስትቀመጥ ደስ አላለኝም፣ ግን ለፈተና ነው ብዬ ተውኩት።

«ሃሎ፣ የአበባ እርሻው ነው። ምን ልታዘዝ?» አለች።

«አበባዬ በሰበሰ!»

«በጣም ይቅርታ ጌታዬ። ማን ልበል?»

«ስሜ ምን ያደርግልሻል? በሰበሰ እያልኩሽ!»

«የትኛው ጭነት እንደሆነ እንዳጣራልዎት ነው። የካርቶኑን ቁጥር ቢነግሩኝ።»

«አልነግርሽም!»

«ኧረ እናትዬ፣ እንዲህ የሚል ፈታኝ የለም!»

«አንቺ ገበያ ተቀምጠሽ ሸጠሽ አታውቂማ።»

በሳቅ ፈረሰች። አንድ ነገር ግን አረምኩላት። «አዎ» ማለት ሲኖርባት እንደ አገራችን ሰው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። ጀርባዬን ሰጥቼ ስቀመጥ ምንም አይሰማኝም። «ፈረንጅ ይሄን አያውቅም፣ ስልኩ ተቋረጠ ይላል። በአፍሽ በይው» አልኳት። ስለ አበባውም የማውቀውን ነገርኳት። ካርቶን ውስጥ አበባ የሚሻግተው ከማቀዝቀዣው ክፍል ወጥቶ ሲሞቅና ሲያልበው ነው። ደንበኛ ሲጮህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፎቶና የካርቶን ቁጥር ነው፣ ከዚያ መልሱን በስንት ሰዓት እንደምትሰጪው ትነግሪዋለሽ። ባዶ ይቅርታ ማንንም አያበርድም።

የፈተናው ቀን አብሬያት ሄድኩ። ዘበኛው ያውቀኛል፣ አስገባኝ። ቢሮው በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ተፈታኞቹ ስድስት ናቸው። የቢሮው ኃላፊ እጁን እያሻሸ ወጣ።

«ልጆቼ፣ አይዟችሁ። ፈተና ሳይሆን እንደ ጨዋታ እዩት» አለ።

ልጆቼ! ያኔ ነው የቀፈፈኝ።

ኮምፒውተር ላይ አስቀመጣቸው። ጥያቄው አንድ ገዢ ሃያ ካርቶን ጽጌረዳ ሻግቶ ደረሰኝ ብሎ ተቆጥቷል፣ በሠላሳ ደቂቃ መልስ ጻፉለት የሚል ነው። እሷ እንደነገረችኝ እንዲህ ያለ ኢሜይል ወግ አለው። ከላይ ጉዳዩ በአጭሩ ይጻፋል፣ ሰውየው በማዕረጉ ይጠራል፣ ለምን እንደተጻፈለት በመጀመሪያው መስመር ይነገረዋል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ምን እንደሚደረግና መቼ እንደሚደረግ ይቀመጣል፣ በአክብሮት ይዘጋል፣ ስም ይገባል። ለጓደኛ እንደሚጻፈው ቃል ማሳጠር፣ መቀለድ አይፈቀድም። ሁሉንም አደረገች። ፎቶውንና የካርቶኑን ቁጥር ጠየቀች። የማቀዝቀዣውን የሙቀት መዝገብ ነገ እስከ ቀትር አይተን እናሳውቅዎታለን አለች። ከሥር ስሟን ጻፈች።

ከዚያ ለስልኩ አንድ በአንድ ተጠሩ። በሩ ክፍት ስለነበር አያለሁ። አምስቱን እንዳለችው ጀርባ ለጀርባ አስቀመጧቸው፣ ምን ሆነው እንደሚጫወቱ የሚነግር ካርድ በእጃቸው ሰጧቸው፣ አምስት አምስት ደቂቃ አነጋገሯቸው። እሷን ግን ለመጨረሻ አቆዩዋት፣ ከምሳ በኋላ ሆነ።

ያን ጊዜ ማሸጊያው ቤት አብራኝ የሠራች የሰፈራችን ሴት አየችኝና በኦሮምኛዋ አክስቴ ብላ ሰላም አለችኝ።

«አዳዳ! አከም ጅርቱ? ምን እግር ጣላችሁ?»

«ልጅቷን ላስፈትን ነዋ። እናንተስ እንዴት ናችሁ?»

«ምን ደህንነት አለ፣ አዳዳ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሃያ ካርቶን ተቀቅሎ ሄደ። ገዢው ከዚያ ወዲህ ስልኩን እያስጮኸው ነው፣ ልተዋችሁ ነው እያለ። እንግሊዝኛ የምትጽፈው ልጅ ከለቀቀች ወር ሆናት። የሚመልስለት ጠፍቶ ኃላፊው ከስልኩ ይሸሻል።»

ሃያ ካርቶን። የፈተናው ጥያቄም ሃያ ካርቶን ነው፣ ልጄ በምሳ ሰዓት ነግራኛለች። ዞር ስል ኃላፊው ልጄን «ያንቺ ኢሜይል ጥሩ ስለሆነ አንቺን ለየት አድርገን በእውነተኛ ስልክ እንፈትንሻለን። ደንበኛ ሆኖ የሚጫወት ሰው መስመር ላይ አለ» እያላት ነው። ስልኩን አቀበላት።

እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ድምፅ ግን አውቃለሁ። የሚጫወት ሰው አልነበረም። ከስልኩ ውስጥ የሚወጣው ጩኸት አግዳሚው ድረስ ይሰማል። ኋላ እንደነገረችኝ ስሟን ተናገረች፣ ስሙን ጠየቀች፣ የነገራትን መልሳ ደገመችለት፣ ያልሰማችውን እባክዎ ይድገሙልኝ አለች፣ ቁጥሩን ጻፈች። ትንፋሿን አልሳበችም፣ «የስ፣ ሰር» ነው የምትለው። አምስት ደቂቃ የተባለው ሃያ ደቂቃ ሆነ። በመጨረሻ ሰውየው በረደ። እንደውም ሳቀ። ኃላፊው ጥግ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ተፈታኟን ሳያልባት ፈታኙን ያልበዋል? እንዲህ ያለ ፈተና አይቼ አላውቅም።

ስንወጣ ፊቷ በርቷል። «እናትዬ፣ ተዋናዩ ጎበዝ ነው! ካርዱ ላይ የሌለ ነገር ሁሉ ጠየቀኝ። ‹አለቃሽ ዛሬ ጠዋት የጻፈልኝ ደብዳቤ ደስ ብሎኛል› ብሎ የጻፍኩትን ቃል በቃል አነበበልኝ።»

«አለቃሽ አለ?»

«አዎ፣ በእሱ ስም።»

ማሸጊያው ቤት ያለችው ሴት የነገረችኝን ነገርኳት። መንገዱ ላይ ቆመች። ሚኒባሱ «አውቶቡስ ተራ፣ አየር ጤና!» እያለ አለፈን፣ አልሰማችም። የልጄን ስም ፍቀው የኃላፊውን አስገብተው ለእውነተኛው ገዢ ልከውታል። ጨዋታ ነው ብለው እውነተኛ ስድብ አሸክመዋታል። አፌን ምራቅ ሞላው፣ ዝም ብዬ ጠጠሩ ላይ ተፋሁት። ሌባ አይቻለሁ፣ ሌባ ቢያንስ ተደብቆ ይወስዳል። ይሄኛው «አይዞሽ ልጄ» እያለ ነው።

በሁለተኛው ቀን መልእክት መጣላት። «ለተሳትፎዎ እናመሰግናለን፤ የሚፈለገውን ውጤት አላመጡም።» አለቀሰች። ያስለቀሳት መውደቋ ብቻ አይደለም። «ምናልባት እውነትም እንግሊዝኛዬ ደካማ ይሆን?» እያለች ነው። ልጅ ራሷን እንድትጠራጠር ያደርጋሉ፣ ይሄ ከስርቆቱ ይብሳል።

ሳምንት ሳይሞላ ስልኳ ጠራ። ኃላፊው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጊው አልኳት።

«ማን ልበል?» አለች። እያወቀችው!

«እንዴ፣ ረሳሽኝ? ያው ሁለተኛ ዙር ፈተና አለ። የዚያን ቀኑ ሰውዬ ከሰዓት ይደውላል፣ መጥተሽ ታናግሪዋለሽ። አንቺን ካልሆነ አላናግርም ብሏል… ማለቴ፣ ፈታኙ።»

«ፈታኝ ነው ወይስ ደንበኛችሁ?»

ሳቀ። «ባክሽ፣ ሰው በእውነተኛ ነገር ሲፈተን አይሻልም? የወደቅሽበት መልእክትም በስህተት ነው የሄደው።»

አላስቻለኝም። «አንተ፣ አታፍርም? የራስህን ስድብ በሰው ልጅ ጆሮ ትሰማለህ?»

«እማማ፣ እርስዎ ይሄ አይገባዎትም…»

«የገማ ነገር ሳይማሩም ይሸታል!»

ልጄ እጄን ያዘችኝ። «ጌታዬ፣ የተናገሩትን ልድገም» አለችው። «ዛሬ ከሰዓት መጥቼ ደንበኛችሁን እንዳነጋግር ነው የፈለጉት። መልሴን በጽሑፍ እልክልዎታለሁ።» ዘጋችው።

ቁጭ ብላ ጻፈች፣ በእንግሊዝኛ፣ በዚያው ወግ። ከዚያ ተርጉማ አነበበችልኝ። በፈተናው ቀን የጻፍኩት ኢሜይል ለደንበኛችሁ ተልኳል፣ በስልክም አነጋግሬዋለሁ። ይህ ሥራ እንጂ ፈተና አይደለም። የቅጥር ደብዳቤ ሳይሰጠኝ ዳግም አላነጋግረውም። መልሳችሁን እስከ ሐሙስ ቀትር እጠብቃለሁ። ለኃላፊው ላከች፣ ለእርሻው ሥራ አስኪያጅም ግልባጭ አደረገች። አንድ የስድብ ቃል የለበትም። እኔ አንድ ሁለት ጨምሪ ብዬ ነበር፣ እምቢ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየችኝ። «ልግባ?»

አትግቢ ልላት ነበር። ከዚያ ሰው ጋር አንድ ቢሮ ስትቀመጥ ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። ግን ሁለት ዓመት ቤት ስትቀመጥ አይቻታለሁ። «ግቢ፣ ግን የምትጽፊው ሁሉ ከሥሩ ስምሽ ይኑርበት» አልኳት።

ገባች። ገዢውን እሷው ታነጋግረዋለች፣ አበባ መግዛቱንም ቀጥሏል። ኃላፊው ከቦታው አልተነቃነቀም፣ እነሱ ቤት ለእንዲህ ያለ ነገር ማንም አይጠየቅም። ባለፈው ሰሞን ለሽያጭ ክፍል አዲስ ሰው ሊቀጥሩ ሆነ። ኃላፊው ጠርቷት «ከመጡት ቅሬታዎች ከበድ ያለውን አንዱን ምረጪ፣ ለተፈታኞቹ እንስጠው» አላት። ምንም ሳያፍር!

እሷ ጥያቄውን ከራሷ አወጣች። በዓለም ላይ የሌለ ወንበር ፋብሪካ፣ ያልተሠራ ወንበር፣ የተሰበረ እግር። ሲያየው «ይሄ ምን ይጠቅመናል?» ብሎ ተቆጣ።

«ፈተና ነው ጌታዬ፣ ሊጠቅመን አይደለም» አለችው።

ልጆቹ በዚያ ወንበር ተፈተኑ።