ሳል የለየው ትዳራችን

ሳሉ የጀመረኝ ጥር ላይ፣ እስቴ ወረዳ በአንድ ሠርግ ላይ ነው። ባለቤቴ የሻረግ ዘፈን ስታወርድ፣ እኔ ስቀበል፣ ድምፄ ተቆረጠ። አቧራ ነው አልሁ። ሳምንታት አለፉ፤ ሳሉ ባሰበት። በተኛሁ ቁጥር ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ሱሪዬ በገመድ ካልታሰረ አልቆም አለ።

እኔና የሻረግን ያጋባን ዘፈን ነው። እሷ አውራጅ፣ እኔ ተቀባይ። ገበጣም የምንጫወተው፣ ገበያም የምንውለው አብረን ነበር። ያየን ሁሉ «ግጥም ያላችሁ ናችሁ» ይለናል። እኛም አመንን። ቤት የሚመታ ሁሉ ቤት የሚያቆም መስሎኝ ነበር።

ንፋስ መውጫ ከተማ ጤና ጣቢያ ሄጄ አክታ ሰጠሁ። ነርሷ ውጤቱን ይዛ መጣች።

«የሳንባ ቲቢ ነው። ስድስት ወር መድኃኒት ትውጣለህ፤ አንድ ቀን አታቋርጥም። ሽንትህ ቀይ ይሆናል፤ ከመድኃኒቱ ነው፣ አትደንግጥ። ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«ሚስቴና የአራት ዓመት ሴት ልጄ።»

«ሁለቱንም አምጣ። ልጅቱን በተለይ። ትንሽ ልጅ ላይ ይከፋል።»

ፊደል የቆጠርሁት ከወለድሁ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ነርሷ የሰጠችኝን ካርድ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። «የቤተሰብ ምርመራ» ይላል፤ ከፊቱ ባዶ ነው። ለየሻረግ አሳየኋት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታዋርደን ነው? ቲቢ አለባቸው ከተባለ ማን ይጠራናል? ማን ዋንጫ ያቀብለናል?»

«ልጃችን ማስተዋልስ?»

«ልጄ ምን ሆነችና! እንደ ፍየል ስትዘል እያየሃት! ጉንፋን ነው በልና ዝም በል።»

ዝም አልሁ። እዚህ ላይ ለራሴ አላመካኝም። መድኃኒቱን በጀመርሁ በሳምንቱ ሠርግ ተጠራን። ነርሷ ሰው አትጠጋ ብላኛለች። ሄድሁ። ዘፈንሁ። እየሳልሁ ዘፈንሁ። ሰው አጨበጨበ።

ትዘላለች የተባለችው ልጄ ማስተዋል ብዙም አልዘለለችም። ምግብ ገፋች። አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። የሻረግ ቅቤ ቀባችው። እኔ አየሁት። አሁንም ዝም አልሁ። ወር አለፈ።

መድኃኒት ልወስድ በሄድሁበት ቀን ወረፋ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች አገኘሁ፤ አያ ጥጋቡና ሚስታቸው እትዬ ዘውዲቱ። አርባ ዓመት በትዳር ኖረዋል። የታመሙት ባልየው ናቸው።

«አብራችሁ የምትወዱት ምንድን ነው?» አልኋቸው፣ የእኔ ትዳር እያሳሰበኝ።

«ምንም!» አሉ አያ ጥጋቡ። «እኔ ጨዋታ እወዳለሁ፤ እሷ ገና አፌን ስከፍት ታዛጋለች።»

«ያው አንድ ተረት አርባ ዓመት ሲወራ አላዛጋ?» አሉ እትዬ ዘውዲቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እኛ ቤት ውሸት አይገባም። ከሰው አፍ በፊት ልጅ ይቀድማል። ተጣልተን ሰው ፊት ተሰዳድበን አናውቅም። የታመመ አይጣልም። ይኸው ነው። ሌላው ላይ ስንጨቃጨቅ ኖርን።»

ከዚያ ወዲህ የቆዩ ባልና ሚስቶችን ሁሉ እጠይቃለሁ። አንዱ መተማመን ይለኛል፣ ሌላዋ መከባበር፣ ሌላው ይቅር መባባል። አብሮ መሣቅ ደግ ነው፣ ድካም ያስረሳል የሚሉም አሉ። ጨዋታ ቤቴን አቆመልኝ ያለኝ ግን አንድም የለም።

ሽማግሌዎቹን ያገኘሁ ዕለት ቤቴ ገብቼ ልጄን አነሣሁ። የሻረግ በር ላይ ቆመች።

«ከወሰድሃት እኔን እዚህ አታገኘኝም።»

ወሰድኋት። መርምረው የእጢ ቲቢ ነው አሉኝ። ሐኪሙ «ለምን ዘገያችሁ?» አለኝ። ስመለስ የሻረግ ወገዳ ከተማ፣ እናቷ ቤት ሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም። እኔም ሠርግ ቤቱን፣ ማኅበርተኛውን እየዞርሁ ነገርሁ፦ ቲቢ ነበረብኝ፣ ደብቄያችሁ ነው፣ ተመርመሩ። አንዱ ሰደበኝ። ልክ ነው።

የሻረግን ክፉ ናት አልልም። ፈራች። እኔም ፈርቻለሁ። ሰባት ዓመት አብረን ስንዘፍን፣ ክፉ ቀን ሲመጣ እውነቱን እንናገራለን ወይስ እንደብቃለን ብለን አንድ ቀን አልተጠያየቅንም። ሰው የተለያየ ነገር እየወደደ መኖር ይችላል፤ ልጅና ስም ሲመዘኑ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ካለ ግን አይችልም። ይህን ያስተማረኝ ሳል መሆኑ ያናድደኛል።

ከሁለተኛው ወር በኋላ ሳሉ ለቀቀኝ፤ እህል ይጣፍጠኝ ጀመር፤ ቀስ እያልሁ እርፍ ጨበጥሁ። ልጄ እንክብሉን በውኃ አሟምቼላት ፊቷን እያኮሳተረች ትጠጣ ነበር፤ እብጠቱ እየሟሸሸ ሄደ፣ ጉንጯም ሞላ። ነርሷንና ሐኪሙን እግዚአብሔር ይስጣቸው። እትዬ ዘውዲቱንም።

አንተም እንደ እኔ አክታህን ሰጥተህ ውጤት የምትጠብቅ፣ መድኃኒትህን ጨርስ፤ ሲሻልህ አታቋርጥ። ለማግባት የምታስቡ ደግሞ፣ ምን ትወዳለህ፣ ምን ትወጃለሽ መባባሉ አይከፋም፤ ግን ልጃችን ብትታመም ለማን እንነግራለን ተባባሉ። ትዳር ውስጥ ካለህ ደግሞ መስማማትን አትጠብቅ። ሚስትህ እስክትስማማ ልጅህን ሳታስመረምር አታሳድር። እኔ አንድ ወር አሳድሬያታለሁ። የማስተዋል አንገት ላይ እብጠቱ የፈረጠበት ጠባሳ አለ። ማን አደረገው ብላ ስትጠይቀኝ፣ እኔ ነኝ እላታለሁ።