ቅርንፉድ የበዛበት ቡና

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ቡና መሸጥ የጀመርኩ ሰሞን ደንበኛ ይስብልኛል ብዬ ከቡናው ጋር አንድ እፍኝ ቅርንፉድ ወቀጥኩ። ሊማሊሞን ሊወርድ የተዘጋጀ የጭነት መኪና ሾፌር አንዴ ፉት አለና ምላሱ ደነዘዘበት።

«እህቴ፣ እኔ እኮ ጥርሴን አላመመኝም» አለኝ።

ሳቄም እፍረቴም እኩል መጣ። ከጎኔ ቡና የሚሸጡት እናት ሰምተው ኖሮ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ቅመም እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ቡናው ነው። ለአንድ ጀበና አንዲት ፍሬ ቅርንፉድ ትበቃለች። ሄል ካሻሽም ሁለት ፍሬ ሰንጥቀሽ ጣይ፤ ሁሉን ባንዴ አትጨምሪ።»

ጀበናዬን ደፍቼ፣ አጥቤ፣ በአንዲት ፍሬ ቅርንፉድ እንደ አዲስ አፈላሁ። ሾፌሩ እየፈራ ቀመሰው።

«ይሄስ ቡና ነው። ግን ከኋላው ደስ የሚል ነገር አለው፤ ምንድን ነው?»

«አልነግርህም» አልኩት። ሁለተኛ ስኒ አስቀዳኝ።