በሐምዱ ስም የቀረው ውዝፍ

ሥርጉት ቢቸና በሚገኘው የጮቄ ምንጭ ውሃ ድርጅት ለሃያ ሁለት ዓመት የደንበኛ ማስታወቂያ ጽፋለች። ቃል ስትቆጥብ ቀለሙን ከደመወዟ የምትገዛ ይመስላል። በሁለት መስመር የሚያልቀውን ሦስት አድርጊው ካሏት ያማታል። እኔ ሞጣ ቅርንጫፍ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ የእሷን ወረቀት በር ለበር የማድለውም፣ ስለ ወረቀቱ የምሰደበውም እኔው ነኝ።

ባለፈው ሰኔ ቦርዱ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየና ከሃምሳ ብር በታች የሆነ ውዝፍ ሁሉ እንዲሰረዝ ወሰነ። ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ስንዞር ተነጥሎ የቀረ ፍርፋሪ ነው፤ ለማስከፈል መልፋቱ ከገንዘቡ ይበልጣል። ሥርጉት የየደንበኛውን ብር አስገብታ ጻፈች፦ «በስምዎ ተመዝግቦ የነበረው ብር 37.40 ተሰርዟል።» በቃ፣ ይኸው ነው።

ሞጣ ላይ ዘጠኝ ወረቀት አደልኩ። አንዱ፣ ባለ 37.40 ብሩ፣ የሐምዱ ነበር። ጨርቅ ነጋዴው ሐምዱ በጥቅምት ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ሚስቱ ወይዘሮ ዓሊማ ግን ውሃውን ወደ ራሳቸው ስም አላዞሩትም። ወረቀቱን ተቀብለው የባላቸውን ስም በጣታቸው ዳሰሱት።

ሐምሌ ላይ ለንባብ ስዞር ዘጠኙም ቆጣሪ ባለፈው ወር ቁጥር ላይ ቆሟል። የጎረቤቶቹ ይሽከረከራል፤ የእነሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ቧንቧቸው አፍ ላይ ሸረሪት አድርቷል። በቀን ብርሃን ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። ስምንቱ ቤቶች «መስመሩ የተሰረዘ መስሎን ነው፤ ብንነካው በሌብነት እንዳንጠየቅ» አሉኝ። የወይዘሮ ዓሊማ ግን ሌላ ነበር።

«ልጄ፣ ሐምዱ ሲቀበር ከእሱ ዕዳ የሚጠይቅ ይናገር ተብሎ ተጠይቋል» አሉኝ። «ማንም አልተናገረም። ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዕዳ ተሸክሞ ነው የተኛው? ተሰርዟል ይላል፤ ማን ነው ይቅር ያለው? ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ ቧንቧውን ስከፍት የሱን ሳል እሰማለሁ። ዘግቼዋለሁ።»

ቧንቧ አየር ሲይዝ እንደሚያስል አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው።

ያን ከመንገር ግን ለሥርጉት ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። በማግስቱ የድሮውን ካርድ ይዛ በሚኒባስ መጣች። ወይዘሮ ዓሊማ ፊት ተቀመጠችና «እማማ፣ ወረቀቱ ምን ቢል ኖሮ እረፍት ይሰጥዎት ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ማን እንደተወው ይጻፍ። የመቼ እንደሆነም ይጻፍ።»

ሥርጉት ወረቀት ጭኗ ላይ አድርጋ ጻፈች፤ እንደዚያ ስታስረዝም አይቻት አላውቅም። «ድርጅታችን በመዝገቡ የቀረውን የቆየ የውሃ ሂሳብ፣ ብር 37.40፣ በራሱ ውሳኔ ትቶታል። እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ አይጠየቁበትም። ለመክፈልም ሆነ ለመፈረም መምጣት አያስፈልግም። ውሃዎ አልተቋረጠም፤ የየወሩን ሂሳብ ግን እንደተለመደው ይከፍላሉ። ያልገባዎት ነገር ካለ ሞጣ ቅርንጫፍ ይጠይቁ። ሂሳቡ የ…» ወሩን ልትሞላ ካርዱን ገለጠችና ፊቷ በራ።

«እማማ፣ የግንቦት ነው! ሐምዱ ያረፉት ጥቅምት፣ ይሄ የመጣው በሚቀጥለው ግንቦት። የሳቸው ዕዳ አይደለም!»

ወይዘሮ ዓሊማ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ደረታቸውን ያዙ። ደስ አለኝ፤ እንባዬ ሁሉ መጣ። ከዚያ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ግንቦት?» አሉ ቀስ ብለው። «ግንቦትን እኮ ግንደወይን ልጄ ጋ ነበርኩ። ቤቱም ግቢውም ተቆልፎ ነበር።»

ሥርጉት ወደ እኔ ዞረች። ቆጣሪው ከአጥሩ ውጭ ስለሆነ ቤቱ ቢቆለፍም ይነበባል። ካርዱ ላይ ሦስት ሜትር ኪዩብ ተጽፏል፤ ጽሑፉ የኔ ነው። ከጎኑ በዚያው እጅ ጽሑፍ «ፍሳሽ የለም» ይላል፤ ውሃው ሾልኮ አይደለም፣ የቀዳው አለ ማለት ነው። ስጽፈው ትዝ አይለኝም።

«ወሩን ልተወው?» አለች ሥርጉት።

«እውነት ከሆነ ይጻፍ» አሉ ወይዘሮ ዓሊማ። ፍርሃት ያለው እኛ ላይ ነበር እንጂ እሳቸው ላይ አልነበረም። «ሐምዱ ለሶላት ሲታጠብ ውሃ አይበቃውም ነበር። ስቆጣው ይስቃል። ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ የማንም ይሁን የማን፣ ይቅር ብላችኋል?»

«ብለናል፣ እማማ።»

ወይዘሮ ዓሊማ ብድግ አሉ።

«እንግዲያው ይታጠብ» አሉና ወጥተው ቧንቧውን ከፈቱት።