መቶ ሃያ አልደርስ ያለ ልብ

ልብስ ሰፊዋ የእጅ ሰዓቱን አውልቃ ከአጥሩ ማዶ ልትወረውረው ምንም አልቀራትም። ውፍረት ለመቀነስ ሜዳ መውጣት ስትጀምር ሰዓቱን ያሰረላት ልጇ ነው። "እማ፣ የልብ ምትሽ መቶ ሃያ እስኪደርስ ሶምሶማ ሩጪ፤ ካለፈ ተራመጂ" ብሏታል። የእሷ ልብ ግን መቶ አምስት ላይ ችክ አለ። ብታለከልክ፣ ዓይኗ ጭልም ቢልባት፣ ንቅንቅ የለም።

"ይሄ የማይረባ ዕቃ ሰነፍ ነሽ ይለኛል!" እያለች ስትራገም ሰነበተች።

አንድ ጠዋት ጉልበቷ ከድቷት ሣሩ ላይ ዘፍ ስትል፣ እዚያው የምትራመድ የጤና ጣቢያው ነርስ ደረሰችላት፤ የሰዓቱንና የመቶ ሃያውን ስሞታም ሰማቻት።

"እትዬ፣ ከእኛ የሚወስዱት የግፊት ክኒን እኮ የልብ ምት ከፍ እንዳይል ይይዛል። ሰዓቱ አልዋሸም፤ ቁጥሩ ነው የእርስዎ ያልሆነ። ክኒኑን እንዳያቋርጡ፤ ግን ሐኪሙ ሳያይዎት እንዳይሮጡ።"

"ታዲያ በምን ልለካ?"

"በወሬ። እየሮጡ ማውራት ከቻሉ ልክ ነው፤ ቃል ከተቆራረጠብዎት ይራመዱ።"

ሐኪሙ አይቷት ቀስ ብላ እንድትጀምር ሲፈቅድላት ተመልሳ ወጣች። ማንም አብሯት ስላልነበር ሰዓቱን፣ ክኒኑን፣ ልጇንም ጭምር እየረገመች ሶምሶማዋን ቀጠለች። ሜዳው ዳር ያለው ዳገት ላይ እርግማኑ መሃሉ ላይ ተቆረጠባት። መራመድ ጀመረች። ትንፋሿ ሲመለስ፣ እርግማኑን ካቆመችበት ቀጠለች።