የማሜ አፍራኮማ ፀጉር ዙሪያ

በኩማሲ ከተማ የኦቤንግ እጅ ያልነካው ሟች ጥቂት ነው። ለሐዘን ፖስተር የመጣለትን ፎቶ በኮምፒውተሩ ከበስተጀርባው ነጥሎ በጥቁርና በቀይ መደብ ላይ ሲያስቀምጠው ሟቹ አሁን ሊናገር የተዘጋጀ ይመስላል። የሌሎቹ ሱቆች ሟች ግን ራሱ ዙሪያ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ነጭ ክር ይቀርበታል። ኦቤንግ «ሳይጸድቁ አጸደቋቸው» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ዛሬ ያ ነጭ ክር በገዛ እናቱ ራስ ላይ አልለቅ አለው። ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

ፎቶውን ቤቷ ውስጥ በስልኳ ያነሳችው አክስቱ ኮምፎርት ናት። እናቱ ማሜ አፍራኮማ ነጭ ግድግዳ ተደግፋ፣ ያለ ሻሽ ተቀምጣለች። ሌላ የቅርብ ፎቶ የለም፣ ለነገው መታሰቢያ ደግሞ ፖስተሩ ዛሬ መታተም አለበት።

መጀመሪያ ነጥሎ የቆረጠውን ምስል ጠርዝ አለሰለሰው። ነጩ ጉም ሆኖ ቀረ። ጠርዙን ወደ ውስጥ ሰብሰብ ሲያደርገው ደግሞ ፀጉሯ ቆብ መሰለ። ያንን ሽሮ፣ በጠርዝ ማጥሪያው ብሩሽ የፀጉሩን ዳር ብቻ ዳበሰው። እያንዳንዱ ፀጉር ተነጥሎ ወጣ፣ ነጩም አብሮ ወጣ። ግራ ገባው። በመጨረሻ ከጀርባ የተጋባ ቀለም የሚያጸዳውን ትእዛዝ ሰጠ፤ ጠርዙ እንደ ፀጉሩ ጠቆረ። ተገላገልኩ ብሎ ሳይጨርስ አክስቱ ገባች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«እማዬ ናታ! ምን ማለትሽ ነው?»

«እህቴን አላውቅም እንዴ? ይቺ የሠርጓ ለት የነበረችው ናት።»

«አክስቴ፣ በሞቴ አታደናግሪኝ። ያንቺ ግድግዳ ነው ጉድ የሠራኝ፣ ነጩ አልለቅ ብሎ።»

«የቱ ነጭ? እስቲ አሳየኝ።»

የጽዳቱን ትእዛዝ ሽሮ አሳያት። ያኔ ራሱም አንድ ነገር አየ። ትከሻዋ ያንኑ ግድግዳ ተደግፎ ንጹሕ ነው። ጆሮዋም ንጹሕ ነው። ግድግዳ ፀጉር መርጦ አይጣበቅም።

«ሽበቷ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«እማዬ ሽበት የላትም።»

«ትቀባ ነበራ! ከታመመች ወዲህ ዳር ዳሩን የበቀለውን ማን ይቀባላት? ልምጣ ስትላት ‹ቆይ፣ ፀጉሬን ልቀባ› ትልህ አልነበር? እንዲህ ሆና እንድታያት አልፈለገችም።»

ትለው ነበር። እሱም ሥራ ስለሚበዛበት ደስ ብሎት «እሺ እማ» ይላት ነበር። አፈረ። ነጩን ፀጉር አንድ በአንድ እያየ እንዳለ ተወውና ወደ ማተሚያው ላከው።

በማግስቱ የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ለቅሶ ሊደርስ መጣና ፖስተሩ ሥር ቆመ። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ኦቤንግ፣ ዛሬስ አንተም ነጩን ረሳኸው» አለው።

«አልረሳሁትም» አለ ኦቤንግ። «የራሷ ነው።»