የተቃጠለው የወፍጮ ሞተር

ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ ወፍጮ ቤት አዲስ ሞተር በጠዋት አገናኝቼ ሄድኩ። ከቀትር በኋላ ተጠርቼ ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ባለወፍጮው ምንም ሳልናገር በብረት ዘንግ ትከሻዬን መታኝ፤ ወደቅሁ።

«ሞተሬን አቃጠልኸው! ወላሂ አልለቅህም!»

«ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ መጀመሪያ የሞተሩን የሽቦ ማገናኛ ሳጥን ልክፈተው።»

በአንድ እጄ ከፈትኩት። ውስጡ ስድስት ብሎኖች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። እኔ የአንዱን ረድፍ ሦስቱን ብሎኖች ማገናኛ በሚባሉት የናስ ቁርጥራጮች አግድም አያይዤ ነበር የሄድኩት፤ ይህ ስታር ይባላል። አሁን ግን ሦስቱ ማገናኛዎች የላዩን ብሎን ከታቹ እያጣመሩ ሽቅብ ቆመዋል፤ ይህ ዴልታ ነው።

«ሞተሩ ላይ 220/380 ተጽፏል። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ የሽቦ ጥቅል የሚችለው 220 ቮልት ነው። የእርስዎ መስመር 380 ስለሆነ በስታር ካልታሰረ ይቃጠላል። ማን ነካው?»

የባለወፍጮው ታናሽ ወንድም ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «የድሮው እንዲህ ነበር የታሰረው፤ እኔ ነኝ» አለ።

የድሮው ሞተር 380/660 ስለነበር ለዚያ ዴልታው ትክክል ነበር። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ዘንጉ የወንድሙ ክንድ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ባለወፍጮው ሊደግመው ሲያነሳ ወገቡን ይዤ ከግድግዳው አጋጨሁት። ዘንጉ ከእጁ ወደቀ። ወንድሙን ሲያይ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ደሴ ሆስፒታል እስክንደርስም መኪናው ውስጥ የወንድሙን ራስ ጭኑ ላይ ደግፎ ሄደ።